«ቆጠራ ላይ ግን…» ካሉ በኋላ ዝም ያሉት ሰው

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ደብረ ብርሃን ውስጥ የከብት መኖ አከፋፋይ ነኝ። መጋዘኑን እስካሁን የምንይዘው እኔና የባለቤቴ ወንድም ነበርን። አሁን ሥራው ስለሰፋ ስቶር ኪፐር ልቀጥር ነው። ከመጡት ውስጥ አንዲት ልጅ ወደድኳት። ረጋ ያለች ናት፤ የተጠየቀችውን አውቃ ትመልሳለች። ሸዋ ሮቢት አንድ የእህል ነጋዴ ዘንድ ሦስት ዓመት በዚሁ ሥራ ቆይታለች። የሁለት ሰው ስልክ ሰጠችኝ። አንዱ የኮሌጅ አስተማሪዋ ናቸው። "እንደሷ ያለ ተማሪ አላየሁም" ብለው ሰማይ ሰቀሏት። የቀድሞ አሠሪዋ ግን "ደህና ናት። ሥራዋን ትሠራለች። መጥፎ አልላትም" አሉኝ። ትንሽ ቆይተው "ቆጠራ ላይ ግን… እንግዲህ እናንተው እዩት" ብለው ዝም አሉ። እኔም ደንግጬ አመሰገንኩና ዘጋሁት። የባለቤቴ ወንድም "ይሄ እኮ በጨዋ አነጋገር ሌባ ናት ማለት ነው" ይላል። አገሯ መሐል ሜዳ የሚያውቀው ሰው ስላለ፣ ደውሎ የማን ልጅ እንደሆነች፣ ባል እንዳላት፣ ልትወልድ ታስብ እንደሆነ ሊያጣራ ይፈልጋል። እኔ ይሄ ደስ አላለኝም። ግን ደግሞ ሦስት መቶ ኩንታል መኖ የማስረክባት ሰው ናት። ልቅጠራት ወይስ ልተዋት?
ግራ የገባት፣ ከደብረ ብርሃን»

እህቴ፣ «ደህና ናት» የሚለው ቃል አያስጨንቅሽ። የሚያሳስብ ነገር ካለ «ቆጠራ ላይ ግን» የሚለው ነው። የባለቤትሽ ወንድም ሁለቱን አንድ ላይ ጨፍልቆ ስለሰማቸው ነው «ሌባ» የሚል ቃል የወጣው። እኛ ለያይተን እንያቸው።

ሰው ስለ ቀድሞ ሠራተኛው ቁጥብ ሆኖ የሚናገርበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዳንዱ ስለ ማንም እንዲሁ ነው። በተለይ ጠና ያሉ ነጋዴዎች ዘንድ «መጥፎ አልላትም» ትልቅ ምስጋና የሚሆንበት ጊዜ አለ። አንዳንዱ የማያውቀው ሰው ደውሎ ሲጠይቀው ይፈራል። ነገ ነገሩ ዞሮ «አንተ ነህ እንጀራዬን ያሳጣኸኝ» እንዳይባል። አንዳንዱ ሠራተኛዋ በሥራ ሰዓት ጥላው ሄዳ ቅር ብሎታል። አንዳንዱ ስልኩን ያነሳው መኪና እያስጫነ ነው። አዎ፣ እውነትም የሚናገረው ደግ ነገር ያጣም አለ። ችግሩ በስልክ ላይ እነዚህ ሁሉ አንድ ዓይነት ድምፅ አላቸው። ስለዚህ የንግግሩ ቅዝቃዜ ብቻውን ምንም አይነግርሽም።

የአስተማሪዋ ሙገሳም እንደዚያው ነው። እሳቸው ያዩዋት ክፍል ውስጥ ነው። መጋዘን ቁልፍ ሰጥተዋት አያውቁም። የጎደለ ጆንያ ፊት ቆማ ምን እንደምትል አልሰሙም። ፈተና ላይ ጎበዝ መሆኗን ተቀበዪያቸው፤ ከዚያ በላይ ግን ቃላቸውን አታስኬጂው። እንዲያውም እኔ በበኩሌ ከሁለቱ የሸዋ ሮቢቱን ሰው ነው የምመርጠው። ትንሽ ቢናገሩም የተናገሩት ዓይናቸው ያየውን ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ምን ብለሽ ነው የጠየቅሻቸው? ደብዳቤሽ ላይ የለም። «እንዴት ናት? ምን ዓይነት ልጅ ናት?» ከሆነ፣ «ደህና ናት» ለዚያ ጥያቄ የሚገባው መልስ ነው። ሰው ስለ ጠባይ ሲጠየቅ በጠባይ ቃል ይመልሳል። ታማኝ፣ ታታሪ፣ ጨዋ፣ ደህና። እነዚህን ቃላት ተቀብለሽ የምትሠሪበት ነገር የለሽም። ስለሆነ ነገር፣ ስለተደረገ ነገር ሲጠየቅ ግን ቁጥቡም ሰው ይናገራል። ጥያቄው ቀዝቃዛ ስለሆነ መልሱ የቀዘቀዘበት ጊዜ ከምታስቢው በላይ ብዙ ነው።

አሁን ወደ «ግን» እንምጣ። ሰውየው ስለ ሥራዋም ስለ ጠባይዋም ሲናገሩ ድምፃቸው አልተለወጠም። ቆጠራ ላይ ሲደርሱ ግን ዘገዩ። ከቁጥብ ሰው ጋር ስታወሪ የምትጠብቂው ይህን ነው። ሰውየው በጠቅላላው ምን ያህል ሞቅ ወይም ቀዝቀዝ አሉ የሚለውን ተዪው። በየትኛው ጉዳይ ላይ ተለወጡ? መረጃው ያለው እዚያ ላይ ነው። አንቺ ደግሞ ልክ እዚያ ላይ ስልኩን ዘጋሽው። አልፈርድብሽም፤ ሁላችንም ደስ የማይል ነገር ሊመጣ ሲል ለመሸሽ እንቸኩላለን።

«ቆጠራ ላይ ግን» ከሚለው በታች ምን ሊኖር ይችላል? አራት ነገር ይታየኛል፤ ሌብነት አንዱ ብቻ ነው።

አንደኛው የእርጥበት ነገር ነው። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው። እዚያ የሚነግድ ሰው ማሾና ማሽላ ሳይገዛ አይቀርም። አዲስ እህል ከገበሬ እጅ ሲገባ እርጥበት አለው። 100 ኩንታል በ14 ከመቶ እርጥበት ገባ እንበል። ከዚህ ውስጥ ደረቁ እህል 86 ኩንታል ነው፤ ቀሪው ውሃ ነው። መጋዘን ቆይቶ እርጥበቱ ወደ 12 ከመቶ ሲወርድ ደረቁ 86 ኩንታል አይለወጥም፤ የሚሄደው ውሃው ነው። 86ን ለ0.88 አካፍዪው። ሚዛን ላይ 97.7 ኩንታል ገደማ ታገኛለሽ። ሁለት ኩንታል ከ27 ኪሎ ማንም ሳይነካው ጠፋ ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ባለ ንብረት ልጅቷን በክፉ ዓይን ቢያያት አይገርምም።

ግን እርጥበት የሁሉ ነገር ማምለጫ አይደለም። ክብደት ይቀንሳል እንጂ ጆንያ አያጠፋም። 100 ጆንያ ገብቶ 96 ጆንያ ከተቆጠረ፣ አራቱን ፀሐይ አላደረቃቸውም። 100 ጆንያ ገብቶ 100 ተቆጥሮ በሚዛን ሁለት ኩንታል ቢጎድል ግን ነገሩ ሌላ ነው። ስለዚህ «ጎደለ» ሲሉሽ የመጀመሪያው ጥያቄሽ «በጆንያ ቁጥር ነው ወይስ በሚዛን?» የሚል ይሁን። ይህች አንዲት ጥያቄ ብዙ ነገር ትለይልሻለች።

ሁለተኛው፣ በቤተሰብ ንግድ ውስጥ በጣም የተለመደው፣ ባለቤቱ ራሱ ያለ ወረቀት ማውጣቱ ነው። ዘመድ መጥቶ «አንድ ጆንያ አስጭኑልኝ» ይላል። ባለቤቱ «ውሰድ» ይላል። ገቢና ወጪው በሚመዘገብበት ቢን ካርድ ላይ የሚጽፈው የለም። ዓመቱ ሲያልቅ ጉድለቱ በስቶር ኪፐሯ ስም ይቀመጣል። (እናንተስ ጋ እንዴት ነው? የባለቤትሽ ወንድም ለወዳጁ ፉርሽካ ሲያስጭን ወጪ ደረሰኝ ይቆርጣል?)

ሦስተኛው፣ ልጅቷ ካርድ በወቅቱ አለማወራረዷ ሊሆን ይችላል። ዕቃው ሰኞ ወጥቶ ቢን ካርዱ ላይ ሐሙስ ይጻፋል። በመሃል ቆጠራ ቢደረግ አይገጥምም። ይህ የእውነት ድክመት ነው፤ ግን ሰው የሚማረው ድክመት ነው። አራተኛው ስርቆት ነው። እሱም ይኖራል፤ አልክድም።

አራቱን የሚለያቸው አንድ ሰው ነው፤ የሸዋ ሮቢቱ ነጋዴ። ስለዚህ ምክሬ እንደገና ደውዪላቸው ነው። ሁለተኛ መደወል ነውር የለውም። «ባለፈው ሥራ አስፈትቼዎት ይሆናል ብዬ ነው፤ አሥር ደቂቃ የሚኖርዎት መቼ ነው?» በዪና እሳቸው በመረጡት ሰዓት ደውዪ። በገበያ ቀን አይሁን። በገበያ ቀን ነጋዴ ለራሱ ልጅም በሁለት ቃል ነው የሚመልሰው።

ስትጀምሪ ሁለት ነገር አስቀድመሽ ንገሪያቸው። አንደኛ፣ ልጅቷ ራሷ ስልካቸውን እንደሰጠችሽና ፈቃዷ እንዳለበት። ሁለተኛ፣ የነገሩሽ ነገር በአንቺ ዘንድ እንደሚቀር፣ «እሳቸው እንዲህ አሉ» ብለሽ ለልጅቷ እንደማታደርሺ። ይህን ካልሽ ደግሞ ጠብቂው። ለባለቤትሽ ወንድም ነግረሽ በማግስቱ ሸዋ ሮቢት ከደረሰ ቃልሽን አፈረስሽ ማለት ነው።

ከዚያ ሥራውን ግለጪላቸው። «የምትይዘው ሦስት መቶ ኩንታል የከብት መኖ ነው። ፉርሽካ በጆንያ እናስገባለን፣ ፋጉሎ እየፈታን በኪሎ እንሸጣለን፣ በየወሩ መጨረሻ ይቆጠራል።» ሰው ስለ አንድ የታወቀ ሥራ ሲጠየቅ ሐሳቡ ይሰበሰባል። ቀላሉን አስቀድሚ። ከመቼ እስከ መቼ ሠራች? በቀጥታ የምትታዘዘው ለእርስዎ ነበር? በአንድ ጊዜ ምን ያህል እህል ትይዝ ነበር? እነዚህ ማንንም አያሳፍሩም። መልሱንም ልጅቷ ካመጣችው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ጋር ታመሳክሪያለሽ። በነገራችን ላይ ከዚያ ደብዳቤ ሌላ ብዙ አትጠብቂ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪን የሚያስገድደው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን እንዲጽፍ ነው። ስለ ጠባይ ዝም ያለ ደብዳቤ ስላመጣች የተደበቀ ነገር አለ ማለት አይደለም።

ቀጥለሽ ወደ ቆጠራው ግቢ። ዙሪያ ጥምጥም አትሂጂ። «ባለፈው ስለ ቆጠራ አንድ ነገር ጀምረው ነበር። ምን ሆኖ ነበር?» በያቸው። ከዚያ ዝም በዪ። ዝምታው ይከብድሻል፤ ግን አትሙዪው። «ማለቴ ይጎድል ነበር?» ብለሽ ቃል ካቀበልሻቸው «አዎ እንደዚያ ነገር» ይሉሽና አንቺው የፈራሽውን ይዘሽ ትመለሻለሽ። የራሳቸው ቃል እስኪመጣ ጠብቂ።

ሲጀምሩ ተከትለሽ የምትጠይቂው ስለ ተደረገው ነገር ነው። የጎደለው በቁጥር ነው በሚዛን? አንድ ጊዜ ነው ወይስ በየቆጠራው? ጉድለቱን መጀመሪያ ያየው ማን ነው? እሷ መጥታ ነገረችዎት ወይስ እርስዎ ደረሱበት? ከእሷ ሌላ ዕቃ የሚያወጣ ሰው ነበር? እና ከሁሉ የምወደው ጥያቄ ይህ ነው፦ «ከዚያ በኋላ የመጋዘኑን ቁልፍ ማን ያዘ?» አንድ ነጋዴ ሌባ ናት ብሎ ያሰባትን ልጅ ቁልፍ ይዛ እንድትቀጥል አያደርግም። ከጉድለቱ በኋላ አንድ ዓመት ቁልፉን ከያዘች፣ ሰውየው በአፋቸው ያልተናገሩትን በሥራቸው ተናግረዋል። በማግስቱ ቁልፍ ተቀብለዋት ከሆነም እንደዚያው።

አወጣጧንም ጠይቂ። ማስጠንቀቂያ ሰጥታ ነው የሄደችው? ርክክብ አደረገች? ያስረከበችው ከካርዱ ጋር ገጠመ? ይህ ሙሉ በሙሉ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ አንቺም ጋር አንድ ቀን ትለቃለችና። አዋጁም የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ይጠይቃል። የቅሬታውም ምንጭ ብዙ ጊዜ እዚህ ነው የሚገኘው። «ጥቅምት ላይ፣ የማሾ ገበያ ሲደራ ጥላኝ ሄደች» ካሉሽ፣ ቅዝቃዜው ከየት እንደመጣ ገባሽ። ጥፋት ነው? ትንሽ ጥፋት ነው። ግን የቆጠራ ጥፋት አይደለም።

መጨረሻ ላይ «ዛሬ ተመልሳ ብትመጣ ያንኑ ሥራ ይሰጧታል?» በዪ። «አዎ» ወይም «አይ» ከማለታቸው ይልቅ ቀጥለው የሚሉት ነው ቁም ነገሩ። «አዎ፣ ግን በየሳምንቱ እቆጥራለሁ» ካሉ ይህ መመሪያ ነው፤ ወስደሽ ትሠሪበታለሽ።

ከዚህ ስልክ በኋላ ከሦስት ቦታ በአንዱ ትገኛለሽ። ጉድለቱ የሚዛን ነበር፣ ቁልፉ ከእሷ አልተወሰደም፣ ሰውየው ቅር ያላቸው በአወጣጧ ነው ከተባለ፣ በእኔ ግምት ነገሩ አለቀ። ካርድ ታዘገያለች፣ ማስታወስ ያስፈልጋታል ከተባለ፣ ሥራው እንዴት ይያዝ የሚለውን ነው የምታስቢው። ጆንያ በተደጋጋሚ ጎደለ፣ እሷ አልተናገረችም፣ ቁልፍ ተቀበልኳት ከተባለ ደግሞ ልጅቷን ሳትሰሚ አትወስኚ፤ ግን ሚዛኑ ወደ «ይቅር» አጋድሏል።

አራተኛም አለ። ሰውየው አሁንም «እናንተው እዩት» ብለው ሊዘጉት ይችላሉ። ያን ጊዜ ባዶውን ቦታ በጥርጣሬ አትሙዪው። ወደ ልጅቷ ሂጂና «መጋዘን ውስጥ ስትሠሪ ያየሽ ሌላ ሰው ስጪኝ» በያት። ከሁሉ የሚሻለው ከእሷ በኋላ መጋዘኑን የተረከበው ሰው ነው። ያስረከበችውን አንድ በአንድ የቆጠረ እሱ ነው፤ የሚያኮራርፈውም ነገር የለውም። ሒሳብ የሚሠራላቸው ሰው ወይም የጫኝና አውራጅ አለቃውም ይሆናል። «የሚመሰክርልኝ የለም» ካለች ለምን ብለሽ ጠይቂ፤ ምክንያቷን ስሚ።

አሁን የባለቤትሽ ወንድም። መሐል ሜዳ መደወሉን አልደግፍም፤ ምክንያቴም ጨዋነት ብቻ አይደለም። ልጅቷ መሐል ሜዳ አልሠራችም። እዚያ ያለ ሰው አባቷን ያውቃል፣ የአባቷን የመሬት ክርክር ያውቃል፣ አክስቷ ከማን ጋር እንደተጣላች ያውቃል። ቢን ካርዷን አያውቅም። ያልጠየቅሽው ወሬ አንዴ ጆሮሽ ከገባ ደግሞ አይወጣም። ለልጅቷም ሳይነገራት ከጀርባዋ የሚደረግ ማጣራት ዞሮ ይደርሳታል፤ ከደብረ ብርሃን እስከ መንዝ የማይደርስ ወሬ የለም።

ባል፣ እርግዝና፣ የማን ልጅ የሚሉትን በአጭሩ እንለፋቸው። ለሥራው አያስፈልጉም፤ ወንድ አመልካች ቢሆንም ኖሮ «ልትወልድ አስበሃል?» አትሉትም ነበር። አዋጁም በፆታ፣ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከትና በመሳሰሉት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። መጠየቅ ያለበትን ከማይጠየቀው ለመለየት እኔ ራሴን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ሰውየው ይህን በሥራ ላይ በዓይናቸው አይተዋል? መልሱ በመጋዘኑ አያያዝ ላይ የሚለውጠው ነገር አለ? ሁለቱም «አዎ» ካልሆኑ አልጠይቅም። ለምሳሌ ከባድ ነገር የማንሳት ሥራ ካለበት «ጆንያ ማንሳት ትችላለች?» ለራሷ ይጠየቃል፤ «ጤናዋ እንዴት ነው?» ብሎ ሸዋ ሮቢት መደወል ግን የለም።

ምናልባት «ተያዥ ታምጣ፣ ያኔ ሁሉም ይቀራል» ትሉ ይሆናል። ተያዥ ጠይቁ፤ ንብረት ለሚይዝ ሰው የተለመደ ነው። ግን ተያዥ ጉድለት ቢመጣ ልክፈል ያለ ሰው ነው እንጂ ሥራዋን ያየ ሰው አይደለም። ከደመወዝተኛ አጎት የሚመጣ ፊርማ ካርድ በወቅቱ ትጽፍ እንደሆነ አይነግርሽም።

ልጅቷንም አነጋግሪያት። ሳትከሺያት። «እሳቸው ቆጠራ ላይ ችግር አለባት አሉ» ካልሽ ቃልሽን አፈረስሽ፤ እሷም መከላከል ትጀምራለች። «ሸዋ ሮቢት ሳለሽ ቆጠራ አልገጥም ብሎሽ ያውቃል? ምን አደረግሽ?» በያት። ሦስት ዓመት መጋዘን ይዞ አንድም ቀን ያልጎደለበት ሰው ብርቅ ነው። «በጭራሽ ጎድሎብኝ አያውቅም» ካለች እኔ ይበልጥ እጠረጥራለሁ። «አንድ ጊዜ ጎድሎ ነበር፣ የወጪ ደረሰኞቹን ከካርዱ ጋር አስተያየሁ፣ ሁለት ያልተጻፈ አገኘሁ» ካለች ሥራውን የሚያውቅ ሰው ወሬ ነው። የነገረችሽና የሰውየው ታሪክ በቁም ነገሩ ከተገናኙ እፎይ በዪ። በቀለሙ ቢለያዩ አይግረምሽ፤ አሠሪና ሠራተኛ አንድን ቀን በአንድ ዓይን አያስታውሱትም።

ከማንም ምስክር በላይ ግን የራስሽ ዓይን አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 ሽሚትና ሃንተር የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የ85 ዓመት ጥናቶችን ሰብስበው የቅጥር መመዘኛዎችን አነጻጽረው ነበር። መመዘኛው የሠራተኛውን የወደፊት ሥራ ምን ያህል ይተነብያል ብለው ሲለኩ፣ ምስክር መጠየቅ 0.26 አገኘ፤ ሥራውን ራሱን ማሠራት 0.54። ፍጹም ትንበያ ከሆነ 1 ነው፤ ምንም ካልሆነ 0 ነው። ስለዚህ ስልኩን የመጨረሻ ዳኛ አታድርጊው።

የግማሽ ሰዓት ፈተና አዘጋጂላት። አንድ ባዶ ቢን ካርድና የገቢና የወጪ ደረሰኞች ስጫት። የፉርሽካ መነሻ 120 ጆንያ፣ የገባ 80። የወጪ ደረሰኞቹ ድምር 97 ይሁን፤ አንዷ የሁለት ጆንያ ደረሰኝ ግን ከገቢዎቹ መካከል ተሰክታ ትቀመጥ። ከዚያ «መጋዘኑ ውስጥ የተቆጠረው 103 ነው» በያትና ተያት። ያልተሰካውን ብቻ የደመረ ሰው ወጪውን 95 ብሎ ቀሪው 105 ይሆንበታል። ያኔ ምን ታደርጋለች? ተመልሳ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ታገላብጣለች? «ሁለት ጎድሏል፣ እንዲህ ብዬ ልጻፈው?» ብላ ትጠይቃለች? ወይስ ዝም ብላ 103 እንዲመጣ አንድ ቁጥር ትለውጣለች? ሦስተኛውን ካየሽ፣ የሸዋ ሮቢቱ «ግን» ምን እንደሆነ ሳይነገርሽ ገባሽ። ለሌሎቹም አመልካቾች ያንኑ ፈተና ስጪ፣ ምስክሮቻቸውንም ያንኑ ጥያቄ ጠይቂ። አንዷን በወንፊት ሌላውን በእንቅብ ማበጠር ፍርድ አይደለም።

ከቀጠርሻት ደግሞ መጀመሪያውን አሳምሪው። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ይሁን፤ አዋጁ እስከ 60 የሥራ ቀን ይፈቅዳል። መጋዘኑን ስታስረክቢያት አብራችሁ ቁጠሩ፤ በጆንያም በሚዛንም፤ ሁለታችሁም ፈርሙ። ዛሬ ስንት እንደሆነ ሳይታወቅ ነገ ጎደለ ማለት አይቻልም። በሙከራው ጊዜ በየሳምንቱ ቁጠሩ፤ ከዚያ ወደ ወር ይመለሳል። ደግሞ ሕጉ ለቤተሰብም ይሁን፦ አንቺም ብትሆኚ፣ የባለቤትሽ ወንድምም ቢሆን፣ ያለ ወጪ ደረሰኝ አንዲት ጆንያ አትወጣም። እሱ ይህን ከተቀበለ ስለ ታማኝነት ያለው ጭንቀት ጥሩ ቦታ ዋለ ማለት ነው።

ልጅቷ ግን አሁን እየጠበቀችሽ ነው። ዛሬ ደውዪላትና «ማጣራቱን አልጨረስኩም፤ አንድ የተግባር ፈተናም አለ» በያት፤ መልስ የምትሰጪበትንም ቀን ቁርጥ አድርገሽ ንገሪያት። በዚያ ቀን መልሱ «አይሆንም» ቢሆን እንኳ ራስሽ ደውለሽ ንገሪያት። ሌላ ቦታ የጠሯት ካለ እንዳያመልጣት።